የከፋለ ግመልና ሰባተኛው አሞሌ

ስልከኛው ከፋለ ሰው ሲያወራ ቃሉን አስጨርሶ አያውቅም። አንዱ "ትናንት ወደ ኲሓ ስወጣ..." ብሎ ገና ሲጀምር "በቅሎህ አነከሰችብህ" ብሎ ይጨርስለታል። የሚያናድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ይቀርና "አዎ፣ አነከሰችብኝ፤ ማን ነገረህ?" ይላል። ማንም አልነገረውም። ጠዋት ጫማው ጭቃ ሳይነካው በበቅሎ ሲያልፍ አይቶታል፣ አሁን ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ሌላ ምን ይቀረዋል?

ይህ ጠባዩ የመጣው ከእንጀራው ነበር። ከመንዝ ወጥቶ መቀሌ የገባው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት ነው፤ የተቀጠረውም በስልክ ቤት ነው። የዛሬ ልጆች ስልክ ሲባል የሚመስላቸው ሌላ ነው። የያኔው ስልክ ጩኸት ነበር። ከአዲግራት የተነገረውን መልእክት የመቀሌው ስልከኛ ጮሆ ይቀበልና ጮሆ ለኮረም ያቀብላል፣ ኮረም ደግሞ ለደሴ። ዝናብ ሲጥል ሽቦው ይንጫጫል፣ ነፋስ ሲነሳ ያፏጫል፣ ከመልእክቱ እኩሌታው መንገድ ላይ ይቀራል። "እህሉን... ሳይገባ... ሽጠው" የሚል ነገር ወደ ጆሮው ሲመጣ፣ ከፋለ ወሩ ሰኔ መሆኑን ያስባል፣ ላኪው የጤፍ ነጋዴ መሆኑን ያስባል፣ "ክረምት ሳይገባ ቶሎ ሽጠው" ብሎ ይሞላዋል። እርግጠኛ ለመሆን መልሶ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ "አዎ፣ አዎ፣ እሱን ነው ያልኩህ" ነበር።

ጨዋታውን የተማረውም እዚያው ነው። ከጦርነቱ በፊት አጠገቡ የሚሠራ አንድ ጣሊያናዊ ስልከኛ ነበር። መስመሩ ሲቋረጥና ሽቦ ጠጋኞቹ እስኪመለሱ ሥራ ሲፈታ፣ ጣሊያኑ ወረቀት ላይ መስቀያ ይስላል፣ ከሥሩ ባዶ መስመሮች ይደረድራል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ፊደል ነው። ባላጋራው ፊደል ይጠራል፤ ካለ በቦታው ይጻፋል፣ ከሌለ መስቀያው ላይ የሚሰቀል ሰው ጭንቅላት፣ ቀጥሎ አካሉ፣ ቀጥሎ እጅና እግሩ ይሳላል። ሰውዬው ሳይሟላ ቃሉ ከተገኘ ዳነ። ጣሊያኑ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአናባቢዎቹ ነበር፤ የኛ የጣሊያኖቹ ቃል ሁሉ ማለት ይቻላል በአናባቢ ነው የሚያልቀው ይል ነበር። ከፋለ ይህን በልቡ ያዘና ወደ ቤቱ ወሰደው።

ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ብርቄ ነበረች። ፊደል ያስቆጠራት ራሱ ነው፤ ከሱ ይልቅ እሷ ትፈጥን ነበር ብሎ ሲምል ሰምተነዋል። በመጀመሪያው ቀን የበሩን ሳንቃ ውስጠኛ ገጽ ሰሌዳ አድርገው፣ በነጭ የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ እየጻፉ ሲጫወቱ አንድም ሰው ሊድን አልቻለም። ብርቄ "ለ" ስትል የለም፤ "ሉ" ስትል የለም፤ "ሊ" ስትል ሰውዬው እየተሰቀለ ነው። የኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ነው፣ አንገት ደግሞ አንድ ነው። ሁለቱ በሩ ሥር ቁጭ ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ተጣሉ፣ ከዚያ መላ አመጡ። ፊደሉን በነጠላ መጥራት ቀረና በቤቱ መጥራት ሆነ። "የለ ቤት!" ስትል፣ በቃሉ ውስጥ ከለ እስከ ሎ ያለ ማንኛውም ካለ ከፋለ ቅርጹን ጠብቆ በየቦታው ይጽፍላታል። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ጨዋታ ሆነ።

መስቀያው ግን አልበረከተም። ልጃቸው ተዋበች ነፍስ ስታውቅ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው አይታ አለቀሰች። ዘመኑም ከፍቶ፣ በወረራው ጊዜ እውነተኛው መስቀያ በየአደባባዩ ሲተከል፣ ብርቄ "በቤቴ በር ላይ ሰው አይሰቀልም" ብላ አቆመች። ከፋለም መስቀያውን አጠፋና ግመል ሳለ። መቀሌ የጨው አገር ናት፤ ከአፋር በረሃ አሞሌ ተሸክመው የሚወጡት ግመሎች በገበያው መሀል ሲያልፉ ያላየ ልጅ የለም። ፊደል የሳተ ሁሉ ግመሏ ላይ አንድ አሞሌ ይጭናል። ስድስት አሞሌ ትችላለች፤ ሰባተኛው ሲጫን ትንበረከካለች፣ ጨዋታውም ያልቃል። ከተንበረከከች ቃሉን የሰጠው ሰው ባዶውን ሞልቶ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቤቱ ሕግ ይህ ነበር።

አሁን ያን ዘመን ሳስበው የመቀሌ ምሽት ሁሉ ግመል የተሳለበት ይመስለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ለመደው። ልጆቹ በትግርኛ "ገመል ንጻወት"፣ ግመል እንጫወት እያሉ የራሳቸውን በር ያበላሹ ነበር፣ እናቶቻቸው ከፋለን ይረግሙት ነበር፣ እሱም የኖራ ድንጋይ ያድላቸው ነበር። ግን እንደ ከፋለ የሚጫወት አልተገኘም። ለተዋበች ዘዴውን ሲያስተምራት፣ አባት ለልጁ ርስት እንደሚያወርስ ኮስተር ብሎ ነበር።

"መጀመሪያ ባዶዎቹን ቁጠሪ" ይላት ነበር። "አምስት ስድስት ካየሽ፣ ቃሉ ብቻውን አልመጣም፣ ጓዝ ይዞ ነው። ከፊቱ የ ወይ በ ወይ ተ፣ ከኋላው ን ወይ ው ወይ ች። ስለዚህ ብዙ ቃል ውስጥ የሚውሉትን አስቀድሚ፤ ለን፣ ነን፣ ተን፣ ረን፣ ሰን። አንዱ ከገባልሽ በኋላ ግን ብዛቱን እርሺና ቦታውን እዪ። ከዚህ ፊደል ቀጥሎ ማን ሊቀመጥ ይችላል ብለሽ ጠይቂ።"

"አጭር ሲሆንስ አቦይ?" ትላለች ተዋበች። መቀሌ የተወለደች ናት፤ አባቷን በመቀሌ ልጆች አጠራር አቦይ ነው የምትለው፣ በአማርኛዋ ግን አንቱ ትለዋለች።

"አጭር ቃል ክፉ ነው። ረጅም ቃል ብዙ በር አለው፣ በአንዱ ባትገቢ በሌላው ትገቢያለሽ። ባለ ሁለት ፊደሉ ግን፣ ስትጠሪ ስትጠሪ ግመሏ ትሞትብሻለች" ይልና፣ በነጋታው "ጅብ" የሚል ቃል ሰጥቶ ያስለቅሳታል። "ጰንስ?" ስትለው ደግሞ ይስቃል። "ጳጳስና ጴጥሮስ ካልመጡ በቀር ጰ ከቤቱ አይወጣም። ዝም ብሎ ጰን የሚጠራ ሰው ግመሏን ጠልቷት ነው።"

ብርቄ ግን ብዛትም ቦታም አትሰማም። ማንኛውንም ቃል ስትጀምር መጀመሪያ የምትጠራው የመ ቤትን ነበር። "በማርያም ነው የምጀምረው" ትላለች። ከፋለ ይቀልድባታል፣ እሷም ትቆጣለች። ደግነቱ መ ከብዙዎቹ ይልቅ የሚገኝ ፊደል ስለሆነ ማርያም አላሳፈረቻትም።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ወረርሽኝ ገባና ብርቄን ወሰዳት። ከፋለ ብዙ ጊዜ በሩን አልጻፈበትም። አንድ ማታ ተዋበች ራሷ ግመሏን ሳለች፣ አራት ባዶ አሰመረች፣ የኖራ ድንጋዩን ሰጠችው። ከፋለ ድንጋዩን ይዞ ቆየ ቆየና "የመ ቤት" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ፣ ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ በመ ነው የሚጀምሩት። ዘዴ አይደለም፣ አሞሌ ያባክናል፤ ግን አንዳቸውም ይቅር አላሉም።

እንዲህ እየኖሩ ተዋበች አደገች። መንግሥት የከፈተው ትምህርት ቤት ገብታ ከሁሉ በላጭ ሆነች። አስተማሪዋ ወይዘሮ የትምወርቅ ከአዲስ አበባ የመጣች ብርቱ ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ተዋበችን ጠርታ፣ አዲስ አበባ ሴት ልጆችን ለአስተማሪነት የሚያሠለጥኑበት ቦታ እንዳለና ስሟን ልካ እንደተቀበሏት ነገረቻት። መንገዱም ተገኝቶላት ነበር። የወሎው ነጋዴ አብዱሰመድ፣ ስልክ ለማስደወል ከፋለ ዘንድ ሲመላለስ ወዳጅ የሆነው፣ ከባለቤቱ ከዘሃራ ጋር በካሚዮን ወደ ደሴ ሊወርድ ነው። ከደሴ ወዲያ የወይዘሮ የትምወርቅ ዘመዶች ተቀብለው ይወስዷታል። የቀረው የአባት ፈቃድ ብቻ ነበር።

ተዋበች እራት ቀርቦ ሳለ ነገረችው። ከፋለ እንደ ልማዱ ቃሏን አላስጨረሳትም። ከመሀል "እዚያም ሄጄ ልማር ልትዪኝ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለው ግን ልማዱ አልነበረም። ፊቱ ጠቆረ። መንገዱ ሽፍታ አለበት አለ፣ አዲስ አበባ ሩቅ ነው አለ፣ መቀሌ ምን ጎደለሽ አለ። አንዱን ነገር ብቻ አላለም፤ እኔ ብቻዬን ምን ልሁን አላለም። በመጨረሻ "ይህን ነገር ሁለተኛ በአፍሽ እንዳልሰማ!" ብሎ እጁን ታጠበና ተነሳ።

ተዋበች አባቷን ታከብራለች። በአፍሽ እንዳልሰማ ስላላት በአፏ አላሰማችውም። ሳምንት አለፈ፣ ካሚዮኑ የሚነሳበት ቀን እየቀረበ መጣ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከፋለ ከሥራ ሲገባ ግመሏ በሩ ላይ ተስላ፣ ከሥሯ ስድስት ባዶ ተሰምሮ አገኘ። ደስ አለው። ልጄ ተመለሰችልኝ ብሎ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ የእንጨት ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

"የመ ቤት" አለ።

"የለም አቦይ።" አንድ አሞሌ ጫነች።

"እናትሽ ዛሬ አልረዳችኝም። ስድስት ነው፣ ጓዝ አለው። የለ ቤት።"

ተዋበች ከመጨረሻው በፊት ባለው ባዶ ላይ ል ጻፈች። ከፋለ አገጩን ያዘ። ኘ ሰው አስቀድሞ የሚጠራው ፊደል አይደለም፣ ቤቱ ጭር ያለ ነው። ነገር ግን ቃሉ ሊያልቅ አንድ ፊደል ሲቀረው ል ከተቀመጠች፣ ከኋላዋ የሚመጡት የታወቁ ናቸው፤ ልህ፣ ልሽ፣ ልን፣ ልኝ። ሴት ልጅ ለአባቷ የምትሰጠው ቃል ከሆነ ደግሞ የትኛው ይሆናል?

"የኘ ቤት" አለ እየሳቀ። ተዋበች መጨረሻው ላይ ኝ ጻፈች፤ አልሳቀችም።

"አንድ ነገር አድርግልኝ የሚል ሰው ነው። ግን ረዘመ። ከፊቱ አንቱታ ሳይኖርበት አይቀርም። የየ ቤት።"

ከፊት ይ ተቀመጠ። አሁን በሩ ላይ ይ፣ ከዚያ ሦስት ባዶ፣ ከዚያ ልኝ አለ። ከፋለ በጣም ተደሰተ፣ ሞቀው፣ ካፖርቱን አወለቀ። "ይክፈቱልኝ ይሆናል፣ ይንገሩልኝ ይሆናል" እያለ ለብቻው አንጎራጎረ። "የረ ቤት!"

"የለም።" ሁለተኛ አሞሌ።

"የሰ ቤት!"

"የለም።" ሦስተኛ።

"አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ከየት አመጣሽው? የደ ቤት።"

ተዋበች ከል ፊት ባለው ባዶ ላይ ዱ ጻፈችና ዞር አለች።

ከፋለ አነበበው። ይ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ዱልኝ። ይፍረዱልኝ እንዳይሆን ረ የለም። ይውሰዱልኝ እንዳይሆን ሰ የለም። ይጥመዱልኝ እንዳይሆን መ የለም፣ ደግሞስ እሱ በሬ ጠምዶ አያውቅ። አእምሮው በልማዱ እየሮጠ ሄደና ከአንድ ቃል ላይ ደረሰ፤ ሌላ ቃል አልቀረም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። የፈ ቤት ማለት ነበረበት፣ ከዚያ የቀ ቤት፣ ከዚያ ቃሉ ሞልቶ ከዓይኑ ፊት ይቆማል፤ የተሞላ ቃል ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

ተዋበች የልብሷን ጫፍ ትጠቀልላለች።

"የጰ ቤት" አለ ከፋለ።

ተዋበች ቀና ብላ አየችው። የሰማችውን ማመን አቃታት። "ጰ ነው ያሉት አቦይ?"

"ጰ ነው ያልኩት።"

አራተኛ አሞሌ ጫነች።

"የዠ ቤት።" አምስተኛ። "የፐ ቤት።" ስድስተኛ። ሲጠራቸው በሩን አያይም፣ እግሩን ነበር የሚያየው። "የጨ ቤት።"

ሰባተኛው አሞሌ ተጫነ። ተዋበች ግመሏን አጥፍታ እንደተንበረከከች አድርጋ ልትስላት ሞከረች፤ ግመሏ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች ሆነች። ከፋለ ሥዕሉ እስኪሟላ ጠበቀ፤ ሕጉ ነውና አሁን ሞልታ ማንበብ አለባት ብሎ ፈራ። እሷ ግን የኖራ ድንጋዩን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

"አልሞላውም አቦይ" አለች። "በአፍሽ እንዳልሰማ ብለውኛል።"

ወጥታም ሄደች። ከፋለ እንደዚያ ዕለት ራሱን ጠልቶ አያውቅም። በዕድሜው ሁሉ ብዙ ተሸንፏል፤ አስቦ የተሸነፈው ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። በገዛ ልጁ ፊት፣ እሷም እያወቀችበት።

በነጋታው ሥራ ቦታ መስመሩ ጥሩ አልነበረም። ኮረም ያለው ስልከኛ እየጮኸ የአንድ ወታደር መልእክት ለእናቱ ሊያስተላልፍለት ሞከረ፤ ከፋለ ግማሹን ሰማ፣ ግማሹን ሞላ፣ "ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ነው ያልከው?" ብሎ ጠየቀ። "አዎ እሱን ነው" አለው ከወዲያ። ከፋለ የመስሚያውን ጆሮ ሰቀለና እንደተቀመጠ ቀረ። ለማያውቃት የወታደር እናት ቃል ሞልቶ ሰጠ። የሰውን ጎዶሎ ሲሞላ ነው የኖረው፤ የተዋበች ሁለት ባዶ ግን በሩ ላይ አድረዋል። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሰው እንዳያይበት ደጅ ወጣ።

በገበያው በኩል ወደ ቤቱ ሲሄድ የጨው ነጋዴዎች ገብተው ነበር። አንዱ አፋር የአንዲት ግመል ገመድ ወደ ታች ሳብ አድርጎ "ክህ! ክህ!" ሲላት ግመሏ ከፊት ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ከኋላዋ ተንበረከከች። ከፋለ ይህን ሺህ ጊዜ አይቶታል። ያን ቀን ግን ቆሞ ቀረ። ሰውዬው እንድትነሳ አልመታትም፣ የሞተችም አልነበረችም፤ ገመዱን ፈታና አሞሌውን አንድ በአንድ ከጀርባዋ ያወርድ ጀመር። ግመሏም አንገቷን ዘርግታ ተነፈሰች። ለካ ግመል የምትንበረከከው ሊያራግፉላትም ነው። "ስንት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ ሕግ ስንጫወት ኖረናል" አለ ከፋለ ለብቻው፤ አጠገቡ የነበረችው ሽንኩርት ሻጭ ሰማችውና አማተበች።

ማታ ተዋበች ከጎረቤት ስትመለስ የበሩ ሳንቃ ታጥቦ፣ አዲስ ግመል ተስሎ አገኘች። ከሥሩ ሁለት ባዶ ብቻ ነበር። ከፋለ በጎን ተቀምጦ በማያስፈልግ ሰዓት ጫማውን ይወለውላል።

"ባለ ሁለት ነው" አለች ተዋበች በፍርሃት።

"ባለ ሁለት ነው።"

ድንጋዩን አንስታ ሰጠችው። ከሱ ጋር በተጫወተችበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ደክሟት አያውቅም። "የመ ቤት" አለች። የለም። እንደ ሁልጊዜው አንድ አሞሌ ለእናቷ ሄደ።

እሺ ቢሆን ብላ ተመኘች። "የአ ቤት።"

"የለም።"

እሺ ቀረ። ከእሺ ጋር አይ የሚለውም ቀረ፤ ይህ ትንሽ አጽናናት። ተይ ይሆን? "የተ ቤት።" የለም። ከፋለ አሞሌውን ሲጭን እጁ እንደ ወትሮው አይፈጥንም። ልጄ ይሆን፣ ሊያባብለኝ? "የለ ቤት።" የለም። በቃ ይሆን? "የበ ቤት።" የለም። አምስት አሞሌ ሆነ።

ከፋለ አጭር ቃል መምረጡ አሁን ቆጨው። ረጅም መስጠት ይችል ነበር፣ ፈቅጄልሻለሁ ማለት ይችል ነበር፤ ያ በስንት በር ያስገባታል። እሱ ግን ከጉሮሮው የሚወጣለት ከሁለት ፊደል አይበልጥም ነበር። ብትስትስ? ግመሏ ብትንበረከክ ሕጉ ጮክ ብለህ አንብብ ይላል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ የሚችል አልመሰለውም።

ተዋበች አንድ ፊደል ከመጀመሪያው ጀምራ ስትሸሸው ነበር። አባት ለሴት ልጁ በሁለት ፊደል የሚለው፣ የምትፈራው ቃል እሱ ነው፤ ቅሪ። ዓይኗን ጨፈነች።

"የቀ ቤት" አለች።

"የለም" አለ ከፋለ። ስድስተኛውን አሞሌ ጫነ።

ዓይኗን ከፈተች። ቅሪ አይደለም። አሁን አንድ ስህተት ብቻ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ ግመሏ አትችልም። ተዋበች በሩን አልተመለከተችም፣ አባቷን ነበር የምታየው። አባቷ ከንፈሩን ነክሶ የኖራ ድንጋዩን ጨብጦ፣ ጥሪ ጥሪ የሚል ፊት ነበረው።

"የሀ ቤት" አለች በሹክሹክታ።

ከፋለ ወደ በሩ ዞረና በመጀመሪያው ባዶ ላይ ሂ ጻፈ። ጽፎ እዚያው ፊቱን ወደ ሳንቃው እንዳደረገ ቆመ።

ተዋበች ሮጣ ጀርባው ላይ ተጠመጠመችበት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ትንሽ ቆይቶ "ሁለተኛውን ጥሪ እንጂ" አላት።

"አልጠራም።"

"ታውቂዋለሽ እኮ።"

"አውቀዋለሁ። ግን ይቆይ አቦይ። ካልሞላ አልተባለም፤ እስከዚያ ሐሳብዎን ቢለውጡ አይቀየሙኝም።"

ከፋለ ይህን ሲሰማ፣ ትናንት በጰ እንዴት እንዳመለጣት አስታወሰና አፈረ። እሷ ግን ነገሩን ስትለው ቂም አልነበረባትም፤ ለሱ ማምለጫ በር እየተወችለት ነበር። ግመሏ ስድስት አሞሌ ተሸክማ፣ ሂ ከአንድ ባዶ ጋር፣ በሩ ላይ ሰነበተች። ከፋለ ጠዋት ሲወጣ ያያታል፣ ማታ ሲገባ ያያታል። የትምወርቅ መጥታ ስትጠይቀው "ጨዋታው አላለቀም" አላት። እሷም ሰውዬው ምን ነካው ብላ ሄደች።

ካሚዮኑ የተነሳው በማለዳ ነው። አብዱሰመድ ጆንያዎቹን አስተካክሎ ለሴቶቹ ከላይ ቦታ ሠርቶ ነበር። ዘሃራ ተዋበችን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ቁልቁል ወደ ከፋለ አየችና "አብሽር ጋሽ ከፋለ፣ እንደ ልጄ ነው የማደርሳት" አለችው። ከፋለ አንገቱን ነቀነቀ። የሰውን ሁሉ ቃል ሲጨርስ የኖረው ሰውዬ የራሱን አንዱንም መጀመር አቃተው። ተዋበች ከላይ ሆና ታየዋለች፣ እሱ ከታች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ካሚዮኑ ነቅነቅ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ከፋለ ሳያስበው ሁለት እርምጃ ተከተለ፤ ከዚያ ቆመና እጁን አንስቶ ወደ መንገዱ አመለከታት።

ተዋበች ከጆንያዎቹ ላይ ብድግ አለች። ዘሃራ በቀሚሷ ያዘቻት።

"አቦይ!" ብላ ጮኸች፣ ከሞተሩ በላይ። "የጀ ቤት! የጀ ቤት!"

በመንገዱ ዳር የነበሩት ሰዎች ልጅቷ ምን ትላለች ብለው ተያዩ። ከፋለ ግን ሰምቷል። በዝናብና በነፋስ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው።

"አለ!" ብሎ መለሰላት፣ ባለው ድምፅ ሁሉ። "አለ ልጄ!"

ከፋለ ካሚዮኑ በኲሓ በኩል ወጥቶ አቧራው እስኪሰክን ቆመ። ከዚያ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የኖራ ድንጋዩን አነሳ። በባዶው ላይ ጂ ጻፈ። ቀጥሎም በመዳፉ የግመሏን ጭነት፣ አሞሌዎቹን አንድ በአንድ፣ ከጀርባዋ ላይ አጠፋላት።